«ለልጄ ኪራይ ዋስ ፈርሚ አሉኝ»፦ ከመፈረም በፊት መነበብ ያለበት አንድ ወረቀት

ዋስ ስንባል ትዝ የሚለን ሥራ ነው። ባንክ ወይም ድርጅት ልትቀጠር ስትል «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» ትባላለህ፣ ከዚያ ዘመድ አዝማድ መደወል ይጀመራል። ስለዚህ ፍራንክፈርት የምትኖረው አክስቴ በቴሌግራም «ልጄ ቤት ልትከራይ ነው፣ ዋስ ፈርሚ አሉኝ፣ እዚህም ዋስ አለ እንዴ?» ብላ የወረቀቱን ፎቶ ስትልክልኝ ብዙም አልገረመኝም። የገረመኝ ወረቀቱን ካነበብኩት በኋላ ነው።

ጀርመን ውስጥ ለተማሪ ቤት የሚያከራይ ሰው ወላጅን ዋስ መጠየቁ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተማሪዋ ደመወዝ የላትም፣ ከዚህ በፊት ቤት ተከራይታ አታውቅም፣ ስለዚህ አከራዩ ትከፍላለች ወይስ አትከፍልም የሚለውን የሚገምትበት ነገር የለውም። ሁለት ተከታታይ ወር ሳትከፍል ብትቀር ውሉን ወዲያው ማቋረጥ ይችላል። ግን «አልወጣም» ካለች በፍርድ ቤት ነው የሚያስወጣት፣ ያ ደግሞ ወራት ይፈጃል። በእነዚያ ወራት የሚከማቸውን ዕዳ ነው ወላጅ ላይ መጣል የሚፈልገው።

አሁን ወደ አክስቴ ጉዳይ እንግባ። የክፍሉ ኪራይ በወር 480 ዩሮ ነው፤ ጀርመኖች «ቀዝቃዛ ኪራይ» ይሉታል፣ ማሞቂያና ውሃ የሌለበት ማለት ነው። በእሱ ላይ የማሞቂያ፣ የውሃና የቆሻሻ 140 ዩሮ ሲጨመር በየወሩ የሚከፈለው 620 ይሆናል። አከራዩ የሁለት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ ማስያዣ፣ ማለትም 960 ዩሮ ጠይቋል። ከዚያ በላይ ደግሞ አክስቴ «ከዚህ ውል ለሚመጣ ማንኛውም ዕዳ» ዋስ እንድትሆን ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ የገንዘብ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም።

ሕጉ ግን ጣሪያ አለው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 551 አከራይ ከመኖሪያ ቤት ተከራይ የሚጠይቀው መያዣ ከሦስት ወር ቀዝቃዛ ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ማስያዣውና ዋስትናው ደግሞ ተደምረው ነው የሚታዩት። ስለዚህ እንደምረው፦ ሦስት ጊዜ 480 ሲባዛ 1,440 ዩሮ ነው። 960ው በማስያዣ መልክ ስለተጠየቀ ለዋስትናው የሚቀረው 480 ዩሮ ብቻ ነው። ወረቀቱ «ማንኛውም ዕዳ» ቢልም አከራዩ ከአክስቴ ሊጠይቅ የሚችለው እስከዚያው ድረስ ነው፣ ትርፉ ዋጋ የለውም።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ያለው። ይህ ጣሪያ የሚሠራው አከራዩ ራሱ ዋስትናውን ሲጠይቅ ነው። የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በሰጠው ውሳኔ፣ ወላጆች ማንም ሳይጠይቃቸው ልጃቸው ቤቱን እንድታገኝ ብለው በራሳቸው ተነሳሽነት ዋስትና ካቀረቡ፣ ተከራይዋንም የተለየ ጫና ካላሳደረባት፣ የሦስት ወሩ ጣሪያ አይጠብቃቸውም። አስቡት፣ ለአንድ ክፍል ብዙ አመልካች በሚሰለፍበት ከተማ አንዲት እናት «ልጄ እንድትመረጥ» ብላ ከማመልከቻው ጋር «ምንም ቢሆን እኔ እከፍላለሁ» የሚል ደብዳቤ ታያይዛለች። ልጅቷ ስድስት ወር ባትከፍል ዕዳው 3,720 ዩሮ ይሆናል። ሲጠየቅ የፈረመችዋ እናት 480፣ በፍቅር ተነሳስታ የጻፈችዋ እናት 3,720። ልዩነቱ ማን ቀድሞ አነሳው የሚለው ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ መጀመሪያ ያልኳት «አከራዩ ዋስ አምጪ ያለበትን መልእክት እንዳታጠፊው» ነው። ማስታወቂያው ላይ «የወላጅ ዋስትና ግዴታ ነው» የሚል ካለበት እሱንም ስክሪንሾት አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ነገ ክርክር ቢነሳ ያ መልእክት ብዙ መቶ ዩሮ ያወጣል።

ሁለተኛው ነገር አንዲት ረጅም ቃል ናት፤ «ዜልብስትሹልድነሪሽ» ትባላለች። ይህች ቃል ከሌለች ዋሱ «መጀመሪያ ተከራይዋን ክሰስ፣ ከእሷ ካጣህ ወደ እኔ ና» የማለት መብት አለው። ቃሏ ካለች ግን ያ መብት ቀረ፣ አከራዩ ልጅቷ አንድ ወር እንዳሳለፈች በቀጥታ የእናትን በር ማንኳኳት ይችላል። በአከራዮች ፎርም ላይ ይህች ቃል አትጠፋም፣ አክስቴም ጋ ነበረች። አከራዩን ብትጠይቀው «ያለ እሷ አልቀበልም» አላት። እሺ ብላ ተወችው፤ ጣሪያው 480 ከሆነ ቀጥታ ቢመጣባትም የምትችለው ነገር ነው።

ሦስተኛው ስልክ ለለመድነው ለእኛ ይገርማል። እዚያ አገር አንድ ተራ ሰው የሚሰጠው ዋስትና በወረቀት ላይ በእጅ መፈረም አለበት፣ ኦሪጅናሉም ለአከራዩ መድረስ አለበት። በኢሜይል የተላከ ስካን ወይም በዋትስአፕ የተላከ ፎቶ ዋስትና አይሆንም። ግን ጥንቃቄ፦ ፎርሙ ጎደሎ ሆኖም ዋሱ አንዴ ከከፈለ፣ በከፈለው ልክ ዋስትናው ይጸናል፤ «ፊርማዬ ስካን ነበር» ብሎ ማስመለስ አይቻልም።

ወላጆቹ አዲስ አበባ ያሉ ተማሪስ? አከራዩ የሚፈልገው ደመወዙ ጀርመን ውስጥ የሆነ ሰው ስለሆነ የአባታችሁ ደብዳቤ ከዚህ ተጽፎ ቢሄድ ብዙም አይረዳም። ለቪዛ በዝግ ሒሳብ የሚቀመጠው ገንዘብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ የሆነው፣ የመክፈል አቅም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ግን ከእሱ በወር የሚለቀቀው 992 ዩሮ ነው፣ 620 ለቤት ከሄደ የሚተርፈውን ራሳችሁ ቀንሱት።

የእኛስ ሕግ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ላይ ከጀርመኑ ይልቅ ቀጥተኛ ነው። በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ካልተጠቀሰ ውሉ ፈራሽ ነው። እዚህ አገር ለወንድማችሁም ሆነ ለልጃችሁ ኪራይ ዋስ ስትፈርሙ የቁጥር ቦታው ባዶ ከሆነ «ስንት ድረስ ነው?» ማለት አለባችሁ።

አክስቴ በመጨረሻ የፈረመችው ወረቀት አራት መስመር ነው። ልጅቷ ኪራይ ሳትከፍል ብትቀር እስከ 480 ዩሮ ድረስ እንደምትከፍል፣ ዋስትናው የተሰጠው አከራዩ ስለጠየቀ እንደሆነ፣ የክፍሉን አድራሻ፣ የኪራይ ውሉ ሲያልቅና ዕዳ ከሌለ ደግሞ ኦሪጅናሉ እንዲመለስላት ይላል። አከራዩ ቁጥሩን ሲያይ ትንሽ አጉረመረመ፣ ግን ሕጉን እሱም ያውቀዋልና ፈረመ። የልጅቷ ቁልፍ ከሳምንት በኋላ ተሰጣት።