የጀርመን አቅራቢ ኢንቮይስ አነባበብ

ጀርመናዊ ሻጭ የሚያወጣው ኢንቮይስ በአብዛኛው “Rechnung” የሚል ርዕስ አለው። በአገሪቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ መሠረት የሻጭና የገዢ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የወጣበት ቀን፣ የማይደገም የኢንቮይስ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ እንዲሁም ዕቃው የቀረበበት ጊዜ ሊጻፍበት ይገባል። ቀኑ ከወሩ ይቀድማል፤ 03.04.2025 ሚያዝያ ሳይሆን መጋቢት ነው ብሎ የሚያነብ ይሳሳታል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በግብር መለያው ላይ ነው። “Steuernummer” የተባለው ቁጥር የአካባቢው የግብር ቢሮ የሚሰጠው ሲሆን፣ ድርጅቱ ወደ ሌላ ቢሮ ክልል ሲዛወር ሊቀየር ይችላል። “USt-IdNr.” የሚለው ግን የተጨማሪ እሴት ታክስ መለያ ነው፤ DE በሚሉት ፊደላት ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ ይከተላል። ሕጉ ከሁለቱ አንዱ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ገዢውን የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ የአውሮፓ ኮሚሽን ባዘጋጀው VIES በተባለው ድረ ገጽ ገብቶ ቁጥሩ የሚሠራ መሆኑን ማንም ማረጋገጥ ይችላልና። HRB ከሚለው ምልክት ቀጥሎ የሚገኘው ደግሞ የንግድ መዝገብ ቁጥር እንጂ የግብር መለያ አይደለም።

የገንዘቡ ዓምድም ጥንቃቄ ይሻል። ጀርመኖች ሺህን በነጥብ፣ ሳንቲምን በነጠላ ሰረዝ ስለሚለዩ 10.000,00 ማለት አሥር ሺህ ዩሮ ነው። “Netto” ከታክስ በፊት፣ “Brutto” ከታክስ ጋር ያለው ዋጋ ነው። መደበኛው ተመን 19 በመቶ ስለሆነ አሥር ሺህ ዩሮ የሚያወጣ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ በጀርመን ውስጥ ሲሸጥ 11,900 ዩሮ ይሆናል።

ይኸው ምድጃ ወደ አዲስ አበባ ከተላከ ግን ታክሱ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ሻጩ “steuerfreie Ausfuhrlieferung” ብሎ ሽያጩ ከታክስ ነፃ የሆነ የውጭ ንግድ መሆኑን ይጽፋል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ክልል መውጣቱን የሚያሳይ የጉምሩክ ማስረጃም ያስቀምጣል። አስመጪው ራሱ የሚያጓጉዝ ከሆነ አንዳንድ ሻጮች ማስረጃው እስኪደርሳቸው ድረስ 19 በመቶውን እንደ መያዣ ይቀበላሉ። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ገንዘቡ በምን ማስረጃና መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ መስማማት ይገባል።

በስህተት ታክስ የተጻፈበት ኢንቮይስ በእጅ ተሰርዞ አይታረምም። ሻጩ የቀድሞውን ቁጥር ጠቅሶ ማረሚያ ያወጣል፤ እስከዚያ ድረስ በወረቀቱ ላይ ለታየው ታክስ ለጀርመን መንግሥት ባለዕዳ ነው። ለጀርመን የተከፈለ ታክስ በኢትዮጵያ ተቀናሽ አይሆንም። አስመጪው በግብዓት ታክስነት የሚያቀርበው፣ ዕቃው ሲገባ በጉምሩክ የከፈለውንና በዲክላራሲዮኑ ላይ የሰፈረውን 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው።