ሥራው ሲያልቅ የሚለጠፍ ትምህርት

ሊንክድኢን ላይ አንድ ጽሑፍ እስከ 3,000 ፊደል ይፈቀድለታል፤ አንባቢ «ተጨማሪ» የሚለውን ሳይነካ የሚያየው ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። ብዙ አማካሪዎች እነዚህን መስመሮች «ፕሮጀክቱን በስኬት አጠናቀናል» በሚል ያባክኗቸዋል። ይህ ለአንባቢ ምን ይረባዋል?

የመጋዘን አማካሪ እንዲህ ቢጽፍስ፦ «መዝገቡና ቆጠራው አልገጥም ሲል ሌብነት ተጠርጥሮ ነበር። ለካስ ዕቃው ሲገባ በካርቶን፣ ሲወጣ በፍሬ ይመዘገብ ኖሯል። አሁን ከቆጠራ በፊት መለኪያውን እንጠይቃለን።» ጎበዝ ነኝ አላለም፤ ያው ችግር ያለበት ሥራ አስኪያጅ ግን ሙያውን ይረዳለታል።

የደንበኛው ስም አልተነሳም። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ከተማው፣ የዕቃው ዓይነትና ወሩ ከተጠቀሱ ተፎካካሪ ድርጅቱን ይለየዋል። ስለዚህ ከመለጠፉ በፊት ረቂቁን ለደንበኛው ልኮ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።