የዋጋ ጭማሪና የትርፍ ህዳግ

ነጋዴ ጫማ በ800 ብር ገዝቶ በ1,000 ብር ቢሸጥ ትርፉ 200 ብር ነው። ይህ ትርፍ ለመግዣው ዋጋ ሲካፈል 25 በመቶ ጭማሪ፣ ለመሸጫው ሲካፈል ደግሞ 20 በመቶ የትርፍ ህዳግ ይሆናል። ብሩ አንድ ነው፤ የሚለያየው አካፋዩ ነው።

ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲምታቱ ነው። የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ከሽያጭ ገቢ ስለሆነ፣ ባለሱቁ ከሽያጩ 30 በመቶ እንዲተርፈው ይፈልጋል እንበል። በ800 ብሩ ላይ 30 በመቶ ጨምሮ በ1,040 ብር ቢሸጥ የሚተርፈው 240 ብር፣ ማለትም ከሽያጩ 23 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ህዳጉን ከ100 መቀነስ ነው፤ 70 ይቀራል። መግዣው የመሸጫው 70 በመቶ መሆን ስላለበት 800 ለ0.70 ሲካፈል 1,143 ብር ያህል ይመጣል። ጭማሪው ወደ 43 በመቶ ይጠጋል ማለት ነው።

ጭማሪን ወደ ህዳግ ለመለወጥ ጭማሪው ራሱ ከ100 ጋር ተደምሮ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል፤ 25 ለ125 ሲካፈል 20 በመቶ ነው። ቅናሽ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ 25 በመቶ ጨምሮ የሚሸጥ ሰው 25 በመቶ ከቀነሰ ጫማውን በ750 ብር፣ በ50 ብር ኪሳራ ይሰጣል።