ከሳምንት ዝምታ በኋላ የሚጻፍ ኢሜይል

ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም ማታ የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይህን ልላከው?» አለችኝ። ለአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሆና ለመቀጠር አመልክታ ነበር። ማመልከቻዋን በኢሜይል ከላከች ሳምንት ሞልቷል፤ የመጣ መልስ የለም። ልትልክ ያሰበችው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ካመለከትኩ አንድ ሳምንት ቢሆነኝም እስካሁን ምንም ዓይነት መልስ አልሰጣችሁኝም። ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ። ቤተሰብ የማስተዳድር ስለሆነ ችግሬን ተረድታችሁ ማለፍ አለማለፌን በአስቸኳይ እንድታሳውቁኝ በፈጣሪ ስም እለምናለሁ።»

እኔ በአንድ ድርጅት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ለዓመታት እንዲህ ያሉ መልእክቶችን ስቀበል ኖሬያለሁ። «አትላኪው» አልኳት። መጠየቋ ስህተት አልነበረም። ቀኑ ግን ገና ነበር፤ ቃሉም አልተስተካከለም።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ማስታወቂያውን አስወጥቼ አየሁት። ሰኞ ጥቅምት 3 የወጣ ሲሆን «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» ይላል። ቅዳሜና እሑድ ሲቀነሱ አሥረኛው የሥራ ቀን ዓርብ ጥቅምት 14 ላይ ይውላል። እሷ የላከችው በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 4 ነው። ስለዚህ በእሷ አቆጣጠር ሳምንት ሙሉ ዝም ያለው ድርጅት ገና ማመልከቻ በመቀበል ላይ ነበር። ያን ቀን ብትጽፍለት የሚሰጣት መልስ አይኖረውም፤ የላከችው ማመልከቻም ምናልባት ገና አልተከፈተም።

ሳምንቱ መቆጠር ያለበት ማመልከቻው ከተላከበት ቀን ሳይሆን ምዝገባው ከተዘጋበት ቀን ነው። ምዝገባ እስኪዘጋ ድረስ አብዛኛው ቢሮ ማመልከቻዎቹን ያጠራቅማል እንጂ አያነብም። ከተዘጋ በኋላ አንድ ሠራተኛ ተቀምጦ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድና ስልክ ቁጥር ወደ ኤክሴል ይገለብጣል። ቀጥሎ መስፈርቱን የማያሟሉት ይለያሉ፣ ዝርዝሩ ለኮሚቴ ይቀርባል፣ ከዚያ የፈተና ቀን ይቆረጣል። አመልካቹ ዝምታ የሚለው ጊዜ ለዚያ ሠራተኛ የጥድፊያ ሳምንት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ፣ በገናና በጥምቀት መካከል ከሆነ ደግሞ የኮሚቴ አባላት ፈቃድ ስለሚወጡ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የቀን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነ የመዝጊያው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። ኦክቶበርን በልማድ ጥቅምት እያልን ስለምንተረጉም ኦክቶበር 24ን ጥቅምት 24 አድርጎ የሚያነብ አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ያ ቀን ጥቅምት 14 ነው። በአሥር ቀን የተሳሳተ ሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ያመለክታል፣ ከዚያም መልስ ለምን እንደቀረበት እያሰበ ይጨነቃል።

ለእህቴ ልጅ የቆረጥንላት ቀን ማክሰኞ ጥቅምት 25 ነበር። ምዝገባው ከተዘጋ ሳምንት የሚሞላው ዓርብ ጥቅምት 21 ነው፤ ነገር ግን ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ለጸሎት ሲባል በብዙ መሥሪያ ቤት ስለሚረዝም ቀኑ አጭር ነው፣ ከሰዓት በኋላ የገባ መልእክትም ሰኞ ከሚመጣው ክምር ሥር ይቀበራል። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የደረሰ ኢሜይል ግን የማለዳው ሥራ ረገብ ሲል ይነበባል። ይህን የምለው ያን ሣጥን ስከፍት ከኖርኩበት ልምድ ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወደ ተላኩ መልእክቶች ገብታ የላከችውን እንድትከፍተው ነገርኳት። መልእክቱ በእርግጥ ሄዷል? አባሪዎቹ አሉ? አድራሻው ፊደል አልጎደለውም? አንዳንዱ ሰው ዲግሪውንና የሥራ ልምዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዳለ ይልከዋል፤ የፋይሎቹ ክብደት ይበዛና የተቀባዩ ሣጥን አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። በጂሜይል ከሆነ «Mail Delivery Subsystem» ከሚባል ላኪ የመጣ መልእክት ካለ ማመልከቻው አልደረሰም ማለት ነው። አባሪ መርሳቱን ያወቀ ወይም መልእክቱ የተመለሰበት ሰው ሳምንት አይጠብቅም። ምዝገባው ሳይዘጋ በዚያው ሰዓት እንደገና ይልካል፤ «ቀደም ሲል በላክሁት ላይ የትምህርት ማስረጃዬ ስላልተያያዘ አሁን አያይዣለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። «ምንም ዓይነት መልስ አልሰጣችሁኝም» የሚለው ለጻፈችው ልጅ እውነቱን መናገር ነው። ለሚያነበው ሰው ግን ክስ ነው። በአማርኛ «አልሰጣችሁኝም»፣ «አላሳወቃችሁኝም» ስንል ግሡ ራሱ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ያ የኤክሴል ዝርዝር እየሞላ ያለ ሠራተኛ ያጠፋው ነገር የለም፤ ተከስሼአለሁ ብሎ ሲያስብ ግን መልእክቱን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዓረፍተ ነገሩ በራሷ ቢጀምር፣ «ማመልከቻዬን ልኬ ነበር» ቢል፣ ክሱ ይጠፋል። ጉዳዩ ግን አይጎድልበትም።

«በፈጣሪ ስም እለምናለሁ» እና «ችግሬን ተረድታችሁ» የሚሉትም መውጣት አለባቸው። ችግርን ገልጾ መለመን በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም፤ ለዕድር፣ ለቀበሌ፣ ለዘመድ ሲጻፍ ቦታው ነው። ለሥራ ሲሆን ግን የሚያነበውን ሰው ጭንቅ ውስጥ ይከተዋል። ሠራተኛው በችግር መዝኖ መምረጥ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ልመናውን እያነበበ ምንም ማድረግ ስለማይችል ያዝናል፣ ያንን ኀዘን ላለማየት ደግሞ መልእክቱን ይሸሸዋል። እኔም እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። አክብሮትን ለመግለጽ «በአክብሮት እጠይቃለሁ» የምትለዋ የቢሮ አነጋገር አንድ ጊዜ ከገባች በቂ ናት።

ከሁሉም በላይ ግን የጥያቄው ዓይነት ነው መለወጥ የነበረበት። «ማለፍ አለማለፌን» የሚለውን ኢሜይል የሚያነበው ሰው ሊመልስ አይችልም። ኮሚቴው ሳይወስን አያውቀውም፣ ቢያውቀውም በግል መናገር አይችልም። ሊመልስ የሚችላቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፦ ማመልከቻው ደርሷል ወይ? ፈተናው መቼ ገደማ ይሆናል? እነዚህን አለቃ ሳይጠይቅ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ በአንድ መስመር ይመልሳቸዋል። መልስ የሚያገኝ ኢሜይል እንዲህ ያለው ነው።

አጠራሩም መታሰብ አለበት። ማን እንደሚያነበው ካልታወቀ ለክፍሉ ጽፎ «እናንተ» ማለት ይሻላል። የሰው ስም ከተሰጠ «አቶ» ወይም «ወ/ሮ» ከራሱ ስም ጋር ይሄዳል፤ እንደ ፈረንጅ ከአባት ስም ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አባቱን ነው የሚጠሩት። ስሙ የወንድም የሴትም የሚሆን ከሆነ አይገመትም፣ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከወጣ መልእክቱም በእንግሊዝኛ ይሁን።

ማክሰኞ ጥቅምት 25 የላከችው ይህን ነው፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣

ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም ላወጣችሁት የሒሳብ ሠራተኛ ክፍት የሥራ ቦታ ጥቅምት 4 ቀን በዚሁ አድራሻ ማመልከቻ ልኬ ነበር። ማመልከቻዬ ከነአባሪዎቹ መድረሱንና የጽሑፍ ፈተናው መቼ ገደማ እንደሚሆን እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እንዲቀላችሁ ሲቪዬን በድጋሚ አያይዣለሁ።

ከሠላምታ ጋር»

ከሥሩ ሙሉ ስሟና ስልክ ቁጥሯ ሰፍሯል። አዲስ ኢሜይል አልከፈተችም፤ የመጀመሪያውን ከተላኩት ውስጥ አውጥታ በዚያው ላይ መልስ ብላ ጻፈች። በዚህ መንገድ የቆየው ማመልከቻ ከሥር ይታያል፣ ርዕሱም እንዳለ ይቀራል። አባሪዎች ግን መልስ ሲባል አብረው አይሄዱም። ሲቪውን እንደገና ያያያዘችው ለዚህ ነው።

መልሱ በማግስቱ መጣ። ማመልከቻው ደርሷል፣ ለፈተናም ተመርጣለች፣ ሲቪው ላይ ባለው ቁጥር ግን ሰኞ ዕለት ሁለት ጊዜ ተደውሎ ሊገኝ አልቻለም። በሲቪው ላይ ያለው ቁጥር ሲሙን ከቀየረች በኋላ ያላስተካከለችው የድሮ ቁጥሯ ነበር። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ በኢሜይል ይቀበልና ሰው የሚጠራው በስልክ ነው፤ ኢሜይሉን እየጠበቀ የማያውቀውን ቁጥር የማያነሳ አመልካች ስንቱ እንደቀረ የማውቀው እኔ ነኝ።

መልስ ባይመጣስ? «ለፈተና የተመረጡትን ብቻ እናነጋግራለን» የሚል ማስታወቂያ ላይ አንድ ጊዜ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሁለተኛ መጻፍ የሚገባው ቢሮው ራሱ ቀን ሰጥቶ ቀኑ ሲያልፍ ነው። ከዚያ ውጭ ሦስተኛና አራተኛ ኢሜይል ስምን በመጥፎ ያስታውቃል እንጂ ዝርዝር ውስጥ አያስገባም። «በስልክም ሆነ በኢሜይል መጠየቅ አይቻልም» ካለ ደግሞ አንዱም ይቅር። ውጤቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለሚለጥፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኢሜይል መጻፍም ፋይዳ የለውም፤ ሰሌዳውን ሄዶ ማየት ነው።

ማስታወቂያ ለምታወጡ የሰው ኃይል ባልደረቦቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከመዝጊያው ቀን ሥር «ለፈተና የተመረጡ አመልካቾች እስከዚህ ቀን ድረስ በስልክ ይጠራሉ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ። ያቺ አንዲት መስመር የብዙ ሰው እንቅልፍ ትመልሳለች።