የሲስተሯ መልቀቂያ፦ ከሁለት ገጽ ወደ ሦስት መስመር

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምትሠራ ነርስ እናስብ። ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተናውን አልፋለች፤ ትምህርቱ ደግሞ ቀን ቀን የሚሰጥ ስለሆነ ከሥራ ጋር አይሄድም። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ለማስገባት ያዘጋጀችው የመልቀቂያ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ነው። መርፌ መውጋት ያለማመዷትን ኃላፊ ነርስ ታነሳለች፤ በእጇ ላይ ያረፉ አንዲት እናትንም ከነስማቸውና ከነሕመማቸው ትጠቅሳለች። ሁለተኛው ገጽ ምሬት ነው፦ ሌሊት ብቻዋን ብዙ ታካሚ እንደያዘች፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋም እንዳልተሰጣት። መዝጊያው «ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለትምህርት እንድሄድ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ» ይላል።

ደብዳቤው እውነተኛ ነው፤ ከልብም የተጻፈ ነው። ነገር ግን የሚያነበው የሰው ሀብት ክፍሉ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ደግሞ ማን፣ መቼ እና ለምን እንደሚለቅ ነው። ከሁሉ በፊት መታረም ያለበት ያ መዝጊያ ነው። «እንዲፈቀድልኝ» ካለች አንባቢው የትምህርት ፈቃድ እየጠየቀች ሊመስለው ይችላል፤ ደብዳቤውም መልስ እየጠበቀ ጠረጴዛ ላይ ሊያድር ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የሚጠበቅበት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ስለዚህ ማሳወቅ እንጂ ማስፈቀድ የለባትም። የመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ግን የምትተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ የራሷን መሥሪያ ቤት ደንብ ማየት አለባት። በሆስፒታሉ ወጪ ሠልጥና የአገልግሎት ግዴታ የፈረመችም ውሏን አስቀድማ ታንብብ።

ቀኑም ተሳስቷል። ማስጠንቀቂያው መቆጠር የሚጀምረው ደብዳቤው ከተሰጠበት ማግስት ካለው የሥራ ቀን ነው። ሐምሌ 1 ካስገባች ቆጠራው ሐምሌ 2 ይጀምርና 30ኛው ቀን ነሐሴ 1 ላይ ያርፋል። «ከነሐሴ 1 ጀምሮ» ብላ ከቀረች አንድ ቀን አጉድላለች፤ ማስጠንቀቂያውን ያላሟላ ሠራተኛ ደግሞ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። «ጀምሮ» የሚለውን ትታ የመጨረሻ የሥራ ቀኗን ብትጽፍ ይሻላል። የነርስ ሥራ ተራ ስላለው ሌላም ጣጣ አለ፦ የነሐሴ 1 ማታ ተረኛ ከሆነች የምትወጣው ነሐሴ 2 ጠዋት ነው። የወሩ ፕሮግራም ሳይወጣ ለኃላፊዋ በቃል ብትነግራቸው ያ ሌሊት አያከራክርም።

የታካሚዋ ስም ያለ ጥርጥር ይውጣ፤ የታካሚ ምስጢር በግል ማኅደር ውስጥ አይቀመጥም። ለኃላፊዋ ያላት ምስጋና ፊት ለፊት ቢነገራቸው ይበልጥ ደስ ይላቸዋል። ያልተከፈለው የትርፍ ሰዓት ግን ለጨዋነት ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ቀኑና ሰዓቱ ተዘርዝሮ በሌላ ደብዳቤ ይጠየቅ፤ ቶሎም ይጠየቅ፤ ክፍያው ይፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ካለፈው በይርጋ ይታገዳል። መልቀቂያው ውስጥ ከተቀበረ ግን እንደ ስሞታ ተነብቦ ይታለፋል ብዬ እፈራለሁ።

ከላይ ቀኑ፣ የሆስፒታሉ አድራሻና «ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ» የሚለው ይቀመጣል። ከዚያ ይህ ይቀራል፦

«ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተቀባይነት በማግኘቴ ከነርስነት ሥራዬ በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን እስከዚያው ተራዬን እየሠራሁ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት አስረክባለሁ።

ስለተደረገልኝ ድጋፍ ከልብ እያመሰገንሁ የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲዘጋጅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከታች ፊርማ፣ ለነርሲንግ ክፍሉም ግልባጭ። የርክክቡ ዝርዝር እዚህ አይገባም፤ የመድኃኒት ቁም ሣጥን ቁልፍ፣ የሞርፊንና የፔቲዲን መዝገብ፣ የክፍሉ ዕቃዎች ተረካቢዋ በምትፈርምበት ሌላ ወረቀት ይሰፍራሉ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዛ መዝገብ ቤት ትሂድ። አንዱ ሲቀርላቸው በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎ ይመለስላታል፤ 30ውን ቀን ከየት እንደቆጠረች የምታስረዳው በዚያ ነው። የሥራ ልምዱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን የሥራዋን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኗንና ደመወዟን መግለጽ አለበት። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብላታል፤ ቀሪ ክፍያዋም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላታል።