ለአማካሪ የተጻፈች ግማሽ ገጽ

የእህቴ ልጅ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏን ዲፌንስ አድርጋ ካለፈች በኋላ ለአማካሪዋ የጻፈችውን የምስጋና ደብዳቤ እስቲ እይልኝ ብላ ሰጠችኝ። «ላደረጉልኝ ያልተቆጠበ ድጋፍና ላሳዩኝ ትዕግሥት ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። «ስሙን ቀይረን ለቀበሌው ሊቀ መንበር ብንልከውስ?» አልኳት። ሳቀች፤ ትንሽም ቅር አላት።

ይህ አነጋገር የመጣው ከጽሑፉ ጋር ከሚጠረዘው የምስጋና ገጽ ነው። እዚያ መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ አማካሪ፣ ከዚያ ቤተሰብ ይመሰገናል። ፈታኝም ሆነ የቤተ መጻሕፍት አንባቢ ስለሚያየው ደረቅ ቢሆን አይፈረድበትም። የደብዳቤው አንባቢ ግን አንድ ሰው ነው። መድከሙንማ ራሱ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ከተናገረው ሁሉ የትኛው ሥራ ላይ እንደዋለ ነው።

«ትዕግሥታቸውን ያየሽበትን አንድ ቀን ንገሪኝ» አልኳት። የጥናቷ ርዕስ የቀን ሠራተኞች የምግብ ወጪ ነበር። መጠይቋ ላይ «አማካይ የወር ገቢዎ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረ። አማካሪዋ ተሳስተሻል አላሉም። «200 ሰው ከመጠየቅሽ በፊት 10 ሰው ላይ ሞክሪውና ተመለሺ» ብቻ አሏት። ሞከረችው። ገሚሱ ሥራ ያገኘበትን ቀን ሒሳብ በ30 አባዝቶ ነገራት፤ ሳምንት ሙሉ ሥራ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ እያወቀ። ሌላው ዝም አለ። ስትመለስ «ታዲያ እነሱ ገቢያቸውን የሚቆጥሩት በምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። ጥያቄው «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን ሠሩ? በየቀኑስ ስንት ተከፈለዎት?» ወደሚል ተለወጠ።

ደብዳቤው ይኸው ነዋ! አዲሱ እንዲህ ጀመረ፦ «ዶክተር፣ ያን ቀን መልሱን ቢነግሩኝ ኖሮ አንዲት ጥያቄ አርሜ እቀመጥ ነበር። 10 ሰው ዘንድ ስለላኩኝ ግን የቀሩትን ጥያቄዎች ራሴ አረምኳቸው።» ከዚህ በኋላ ሁለት አንቀጽ ብቻ ጨመረች፤ ግማሽ ገጽ በቃ።

መጨረሻው ላይ «ለሥራ ማመልከቻ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፉልኝ» የሚል ነበረበት። እሱን አስወጣሁት፤ ጥያቄ ሲከተለው ምስጋናው መንገድ መጥረጊያ ይመስላል። በሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት ትጠይቅ። ውጤቱ ሬጅስትራር ሳይገባ እንዳትሰጥም ነገርኳት፤ ከውጤት በፊት የሚመጣ ምስጋና፣ በተለይ ስጦታ ከያዘ፣ ተቀባዩን ያሳቅቃል።

አማካሪዋ በማግስቱ መለሱላት። አንድ መስመር ነው፦ «አስሩን ወረቀት አስቀምጠሻል? ለዘንድሮዎቹ ላሳያቸው።»