ሲኒው ሲነሳ መቁረጥ

አንዲት ሴት ከረከቦቱ ላይ ሲኒ አንስታ ቡናዋን ፉት ትላለች። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ፊቷን ከቅርብ እናያለን። ኤዲተሩ ከአንዱ ሾት ወደ ሌላው የሚሻገረው የትኛው ፍሬም ላይ ነው?

በሴኮንድ 25 ፍሬም በተቀረጸ ምስል፣ ሲኒው ከንፈሯ ጋ ለመድረስ አንድ ሴኮንድ ፈጀበት እንበል። እጇ ሳይንቀሳቀስ ቢቆረጥ ዓይናችን የሚከተለው ነገር ስለሌለ ለውጡ ጎልቶ ይታያል። ሲኒው ከንፈሯ ላይ ካረፈ በኋላ ቢቆረጥ ደግሞ ድርጊቱ አልቋል። የሚሻለው ሲኒው ተነስቶ ጉዞ እንደጀመረ፣ 8ኛው ፍሬም አካባቢ መቁረጥ ነው። ዓይናችን ሲኒውን ሲከተል ቆረጣውን ልብ አይልም።

ሁለተኛው ሾት ሲኒው ልክ እዚያው ከፍታ ላይ ካለበት ፍሬም ቢጀምር ግን አንዳንዴ እንቅስቃሴው የዘለለ ይመስላል፤ ዓይን አዲሱን ምስል እስኪለምድ ጥቂት ይዘገያልና። ስለዚህ ብዙ ኤዲተሮች ሁለት ወይም ሦስት ፍሬም ወደ ኋላ ተመልሰው እንቅስቃሴውን በትንሹ ይደግሙታል። ድግግሞሹ ከበዛ ሲኒው ሁለቴ የተነሳ ይመስላል።

ይህን ለማወቅ ፍሬሞቹን አቁሞ ማየት አይበቃም፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በፊት ጀምሮ በመደበኛው ፍጥነት ማጫወት ያስፈልጋል። ሴትየዋ በሁለተኛው ቀረጻ ሲኒውን በሌላኛው እጇ አንስታ ከሆነ ግን የትኛውም ፍሬም አያድንም። ያኔ በመሃል የአድማጯን ፊት ማስገባት ይሻላል።